ቆጥሮ «ሰባት» ያለ ልጅ የሰባትን ብዛት ያውቃል ወይ? የአንደኛ ክፍል ልጆችን በሥዕል ስለመጠየቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ፊት የሥዕል ካርድ አስቀምጠን «ስንት ናቸው?» ብለን በቃል ስንጠይቀው መልሱ ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቅብናል? ቁጥር መጻፍና ማንበብ፣ መደመርና መቀነስ እዚህ የሉም። መምህራንና ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱትን ነው የሰበሰብኩት።

ልጄ እስከ 50 ይቆጥራል። በሥዕል መጠየቁ ለምን አስፈለገ?

እስከ 50 መቁጠሩ ጥሩ ነው። ግን የቁጥር ስሞችን በተራ መጥራት እንደ መዝሙር በቃል ሊያዝ ይችላል። ነገሮችን መቁጠር ሌላ ሥራ ነው። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ ልጅ በትክክል እንዲቆጥር የሚያስፈልጉትን ደንቦች ለያይተው አስቀምጠዋል። ለእኛ ሦስቱ ይበቃሉ። አንደኛ፣ የቁጥር ስሞቹ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ ይጠራሉ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ስም ብቻ ይሰጠዋል። የሚዘለል የለም፣ ሁለቴ የሚቆጠርም የለም። ሦስተኛ፣ መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ነገሮች ብዛት ነው።

በቃል እስከ 50 የሚጠራ ልጅ የሚያሳያችሁ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚታየው የሚቆጠር ነገር ፊቱ ሲኖር ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተቆጥሮም ቢሆን በቀላሉ አይታይም፤ አስቦ መጠየቅ ይፈልጋል።

ስንት ካርድ ያስፈልገኛል? ምን ይሳልበት?

ለመጀመሪያው ዙር አራት ካርድ በቂ ነው። የመጀመሪያው ላይ ሰባት ኳስ በአንድ መስመር። ሁለተኛው ላይ ሰባት ኳስ ተበታትነው። ሦስተኛው ላይ ዘጠኝ ኮከብ። አራተኛው ላይ ሁለት ረድፍ ዓሣ፣ አንዱ ረድፍ ስድስት ሌላው አምስት ያለው፤ የአምስቱ ረድፍ ግን ራቅ ራቅ ብለው የተሳሉበት ስለሆነ ከስድስቱ ይረዝማል። ከካርዶቹ ጋር ከአስር በላይ ቆርኪ ወይም ቁልፍ አዘጋጁ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ታዩታላችሁ። ካርዱን የምትሸፍኑበት ወረቀትም ያስፈልጋችኋል።

የእጅ ሥዕል ይበቃል፣ ማማር የለበትም። እንዲያውም የሚያምረው ሥዕል ብዙ ጊዜ ችግር ያመጣል። ከበስተጀርባ ዛፍ፣ ፀሐይና ቤት ካለ ልጁ ፀሐይዋንም ይቆጥራታል፣ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። ኳሶቹ እኩል ይሁኑ፣ አንዱ ሌላውን አይሸፍን፣ በመካከላቸው የልጅ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ይኑር። አንዱ ኳስ ትልቅ ሌላው ትንሽ ከሆነ አንዳንድ ልጆች «ይቺ ሕፃን ናት» ብለው ይዘሏታል። አንድ ካርድ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ሳሉ።

ጥያቄውን እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

«ስንት ኳስ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቁጠር» አትበሉ። ቁጠር ስትሉት ዘዴውን እናንተ ነገራችሁት ማለት ነው፣ ብዛት ሲጠየቅ መቁጠር እንዳለበት ራሱ ያውቅ እንደሆነ የማየት ዕድሉ አመለጣችሁ። ከዚያ ዝም በሉ። ጣታችሁን ካርዱ ላይ አታሳርፉ፣ ከንፈራችሁም ከእሱ ጋር አብሮ አይንቀሳቀስ። ልጆች ካርዱን ትተው ፊታችሁን ያነባሉ።

ቆጥሮ ሲጨርስ «ጎበዝ» አትበሉት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ካርዱን በወረቀቱ ሸፍኑና በዚያው ድምፅ «እሺ፣ ስንት ኳስ አለ?» በሉት። ይቺ አንድ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። የቆጠረው ቁጥር ብዛት መሆኑን የሚያውቅ ልጅ «ሰባት» ይላል፣ አንዳንዱ እንዲያውም «ነገርኩህ እኮ» ብሎ ይገረማል። የማያውቀው ወረቀቱን ሊያነሳ ይሞክራል፣ ምክንያቱም ለእሱ «ስንት አለ?» ማለት «እንደገና ጥራልኝ» ማለት ነው። ወይም ያልቆጠረውን ቁጥር ይጠራል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዳንድ ልጆች «ስንት?» ሲባል የመጨረሻዋን ቃል መድገም እንደሚገባ ከልምድ ይማራሉ፣ ትርጉሙ ገና ሳይገባቸው። ስለዚህ ከሽፋኑ ቀጥላችሁ የዘጠኙን ኮከብ ካርድ አውጡና ቆርኪዎቹን ስጡት፣ «አምስት ኮከብ ላይ ቆርኪ አድርግ» በሉት። አሁን የሚደገም ቃል የለም። አምስት ላይ ለማቆም አምስት ብዛት መሆኑን ማወቅ አለበት። ካረን ዊን የተባለች ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ልጆችን ይህን ያህል ዕቃ ስጡኝ እያለች ጠይቃለች፤ ቆጥረው የሚጨርሱ ብዙ ትንንሽ ልጆች ሲታዘዙ ግን ቆጥሮ መስጠቱን ትተው ዝም ብለው ያፍሱ ነበር። የቆርኪው ጥያቄ ያንኑ ነገር ወደ ሥዕል ያመጣዋል።

አንድ ምሳሌ ታሳዩናላችሁ?

ሁለት ልጆች እንውሰድ፣ አንድ ወንድ አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ስድስት ዓመታቸው።

ወንዱ በመስመር ያሉትን ሰባት ኳሶች በጣቱ እየነካ ቆጠረ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ብሎ ሰባት ላይ ቆመ። አንድም ስህተት የለም። ካርዱ ሲሸፈን ግን እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደደ። «ሳናነሳው፣ ስንት ኳስ አለ?» ሲባል ትንሽ አሰበና «አስር» አለ። የኮከቦቹ ካርድ ላይ አምስት ቆርኪ እንዲያደርግ ሲጠየቅ ዘጠኙንም ኮከብ ሸፍኖ ጨረሰ፣ ደስ ብሎትም ቀና አለ።

ልጅቷ የተበታተኑትን ሰባት ኳሶች ስትቆጥር ሁለቱን ደገመቻቸው። «ዘጠኝ» አለች። ስህተት ነው። ካርዱ ሲሸፈን ሳታመነታ «ዘጠኝ» ብላ መለሰች። አምስት ኮከብ ላይ ቆርኪ አድርጊ ስትባል አንድ በአንድ እየጠራች አምስት ላይ አቆመች፣ የተረፉትን ቆርኪዎች ወደ ጎን ገፋቻቸው።

አሁን የመጀመሪያውን መልስ ብቻ «ትክክል» «ስህተት» እያልን ብንመዘግብ ወንዱ አለፈ፣ ልጅቷ ወደቀች። ከብዛት ግንዛቤ አንፃር ግን የምትቀድመው እሷ ናት። እሷ ያጣችው የትኛውን ቆጥራ የትኛው እንደቀራት መያዝ ነው፣ እሱን በልምምድ ታስተካክለዋለች። እሱ ያጣው የቆጠራን ትርጉም ነው። በቃ፣ ስለዚህ ነው በሥዕል መጠየቅ ላይ ይህን ያህል የምጨነቀው፤ ጥያቄው እዚያች ሁለተኛዋ ደረጃ ላይ ካልደረሰ ድጋፉ ለተሳሳተው ልጅ ይሰጣል።

በዕቃ ሲቆጥር አይሳሳትም፣ በሥዕል ሲሆን ይሳሳታል። ለምን?

ሥዕል አይንቀሳቀስም። ቆርኪ ሲቆጥር የቆጠረውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ የቀረው ፊቱ ይቀራል፣ ስለዚህ ማስታወስ ያለበት ነገር ትንሽ ነው። ሥዕል ላይ ግን የተቆጠረውና ያልተቆጠረው አንድ ላይ ነው ያሉት። በመስመር ከተሳሉ ጫፍና ጫፍ ስላላቸው ችግር የለም። ሲበታተኑ ወይም በክብ ሲደረደሩ ልጁ የጀመረበትን ቦታ በራሱ መያዝ አለበት። ክብ ላይ ዙሩን ጨርሶ ሁለተኛ ዙር የሚቀጥል ልጅ በጣም የተለመደ ነው።

ስለዚህ የተበታተነው ካርድ ላይ የተሳሳተ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ወዲያው ሰባት ቆርኪ በትናችሁ ስጡት። በቆርኪው ካገኘው የቁጥር ችግር የለበትም፣ ያስቸገረው መከታተሉ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ እየቆጠረ በእርሳስ ምልክት እንዲያደርግበት ወይም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ አሳዩት። በቆርኪውም ከተሳሳተ ጣቱንና አፉን አብራችሁ ተመልከቱ።

ጣቱንና አፉን ስመለከት ምን እፈልጋለሁ?

ጣቱ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ አፉ አንድ ስም ይጠራል ወይ? ይኼው ነው። አንዳንዱ አፉ ይቀድማል፣ ጣቱ ሦስተኛው ኳስ ላይ እያለ «አምስት» ላይ ይደርሳል። ሌላው ጣቱ ይቀድማል። አንዱን ግን በተለይ አስተውሉ። ሰባቱን ኳሶች ሲቆጥር «ስድ» ሲል አንዱን ኳስ፣ «ስት» ሲል የሚቀጥለውን የሚነካ ልጅ አለ። አንዱን ቃል ለሁለት ከፍሎታል ማለት ነው። ቁጥሩን ያውቀዋል፣ ተራውንም አልሳተም፣ ግን መጨረሻ ላይ አንድ ያንስበታል። ከሩቅ ሆኖ መልሱን ብቻ የሚሰማ ጠያቂ «ስድስት አለ፣ ተሳሳተ» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ላለው ልጅ አንዱን ነገር እያነሳ ወደ ሣጥን እንዲጥል ማድረግ ይረዳል፤ አንድ ነገር ይጥላል፣ አንድ ሙሉ ቃል ይላል።

ጣት መጠቀምን አትከልክሉ። በዚህ ዕድሜ ጣት መረጃ ነው። ከከለከላችሁት ልጁም ይቸገራል፣ እናንተም ምን እያሰበ እንደሆነ አታዩም።

ሳይቆጥር አይቶ ብቻ ከመለሰስ?

እስከ ሦስት ወይም አራት ከሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ችሎታም ነው። ሰው ሁሉ ጥቂት ነገሮችን ሳይቆጥር በዓይኑ ብቻ ይለያል። ይህን ለብቻው ማየት ከፈለጋችሁ ሦስት ነጥብ ያለበትን ካርድ ለሁለት ሰከንድ ያህል አሳዩትና ሸፍኑት። ለመቁጠር ጊዜ ስለማይኖረው የሚመልሰው ያየውን ነው።

አምስትና ስድስት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ነጥቦቹ እንደ ዳይስ ፊት ከተደረደሩ ብዙ ልጆች ቅርጹን ከጨዋታ ያውቁታል። አምስት አለ ማለት ብዛቱን አየ ማለት ላይሆን ይችላል። አምስቱን ነጥቦች በሌላ አደራደር ሳሉና ጠይቁት፤ ለምሳሌ ሦስቱን በአንድ ወገን ሁለቱን በሌላ ወገን። «እንዴት አወቅህ?» ሲባል «ሦስትና ሁለት ስለሆነ» ካለ ትልቅ ነገር ነግሯችኋል፤ አንድን ብዛት በውስጡ ካሉ ትንንሽ ብዛቶች አድርጎ እያየው ነው፣ መደመር የሚበቅለውም ከዚሁ ነው።

የሁለቱ ረድፍ ዓሣዎች ካርድ ምን ይሠራል?

ልጁ ብዛትን ከርዝመት ለይቶ እንደሆነ ያሳያል። አምስቱ ዓሣዎች ስለተራራቁ ረድፉ ይረዝማል፣ ብዙ ልጆችም ረጅሙን ይጠቁማሉ። ዣን ፒያዤ በዚህ ዓይነት የረድፍ ጥያቄ ነው ስለ ልጆች የቁጥር አስተሳሰብ ብዙ የጻፈው።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «የትኛው ይበልጣል?» ካላችሁ ልጁ የትኛው ትልቅ ነው ያላችሁት ሊመስለው ይችላል፣ ረጅሙን ቢጠቁምም ልክ ነው። «ብዙ ዓሣ ያለው የትኛው ጋ ነው?» በሉት። ከዚያ አንዴ ብቻ ጠይቁ። ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ የስድስት ዓመት ልጆች ተመሳሳዩን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠየቁ ከአንድ ጊዜው የበለጠ ይሳሳታሉ። ምክንያቱ ለማንኛውም አዋቂ ይገባዋል፤ ትልቅ ሰው ደግሞ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስ ልክ አልነበረም ማለት ነው። «እርግጠኛ ነህ?» የሚለውም ያው ነው። በምትኩ «እንዴት አወቅህ?» በሉ፣ ያውም ልክ ሲሆንም ሲሳሳትም በእኩል ድምፅ፣ አለበለዚያ ይህችም ጥያቄ «ተሳስተሃል» ማለት ትሆንበታለች።

ሌላው ግምት ነው። ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ ምንም የማያውቅ ልጅ ግማሹን ጊዜ ይመታል። አንድ ካርድ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ ሌላ ሦስት ካርድ ጨምሩ፣ ብዙው አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይሁን፣ ረጅሙ ረድፍም ሁልጊዜ ስህተት አይሁን። አራቱንም በግምት ብቻ የመምታት ዕድል ከ16 አንድ ነው፣ ይህ ይበቃል።

ልጁ ዝም ካለ ዜሮ ልስጠው?

አይ። ዝምታ «አላውቅም» ላይሆን ይችላል። አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ለጠያቂው ረጅም ነው፣ ለልጁ አይደለም። ከዚያ ጥያቄውን በቃል ከመድገም ይልቅ በእጅ የሚመለስ አድርጉት፤ ቆርኪ ያድርግ፣ ይጠቁም፣ በጣቱ ያሳይ። ሁለት ኳስ ያለበት ካርድ አምጡና በቀላል ጀምሩ። አሁንም ዝም ካለ ለዛሬ ተዉት፣ «አልመለሰም» ብላችሁ ጻፉ። «አልመለሰም» እና «ተሳሳተ» በአንድ ምልክት መመዝገብ የለባቸውም። ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከሆነ የቁጥር ስሞቹን በሚያውቀው ቋንቋ ይቁጠር፣ የምንፈልገው ብዛቱን ነው። ካርዱን ወደ ፊቱ በጣም እያቀረበ የሚያይ ልጅ ካለ ደግሞ ቁጥሩን ትታችሁ መጀመሪያ ዓይኑ ይታይለት።

ውጤቱን እንዴት ልመዝግብ?

ነጥብ ደምሮ «ከ10 ስምንት» ማለት ለዚህ አይጠቅምም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ይበቃል፤ ጣትና ቃል ገጠሙ ወይስ አልገጠሙም፣ ሲሸፈን ምን አለ፣ አምስት ላይ ቆመ ወይስ አለፈ፣ የትኛውን ረድፍ ጠቆመ። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉት። «ስንት አለ ሲባል እንደገና ሊቆጥር ሄደ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለሚቀጥለው ወር ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል። እየጠየቃችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሁሉንም መልስ ጻፉ፣ ሲሳሳት ብቻ እርሳስ ካነሳችሁ ልጁ ወዲያው ይባንንባችኋል።

ለአንድ ልጅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መቼስ ልድገመው?

አምስት ደቂቃ አካባቢ። ከዚያ ካለፈ የምትለኩት ድካሙን ነው። ሌሎቹ ልጆች መልሱን በማይሰሙበት ጥግ አድርጉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስትደግሙት ካርዱን ቀይሩ፣ ሰባቱን ስምንት ወይም ስድስት አድርጉት፣ ኳሱም ወፍ ይሁን። ልጆች «የዚያች ካርድ መልስ ሰባት ነው» ብለው ይይዛሉ።

ሲሸፈንበት እንደገና ሊቆጥር የሚሄደውን ልጅ ምን ላድርገው?

ተጨማሪ ቆጠራ አታሸክሙት፣ መቁጠሩንማ ይችላል። ተራውን ገልብጡለት። ካርዱን አሳዩትና መጀመሪያ ብዛቱን እናንተ ተናገሩ፣ «ሦስት ወፍ አለ» በሉት፣ ከዚያ አብራችሁ ቁጠሩ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ወፍ።» ቁጥሩ የብዛት ስም ሆኖ ይሰማዋል፣ ወዲያው ደግሞ ቆጠራው እዚያው ላይ ሲያበቃ ያያል። በሁለትና በሦስት ጀምሩ፣ በዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችለው ብዛት ይህ ነውና። አራት ላይ ሲደርስ አንድ ቆርኪ ጨምሩለትና «አሁንስ?» በሉት። «አምስት» ብሎ ከቀጠለ መንገዱ ላይ ነው። ከአንድ ጀምሮ እንደገና ከቆጠረ ችግር የለም፣ ሦስትና አራት ላይ ትንሽ ይቆይ። ሰባቱን ካርድ ለማውጣት አትቸኩሉ፣ በአራት ሸፍናችሁ ስትጠይቁት ወረቀቱን ሳይነካ የመለሰ ቀን ታወጡታላችሁ።